«ልጄ ስፖርት አይሆንላትም» ስንል ስለ ምን እያወራን ነው?

(ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የቀረበ)

ወላጆችና መምህራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

«ልጅሽ በስፖርት እንዴት ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ «ፈጣን ናት፣ ተሰጥኦ አላት» ይባላል፣ ወይ «ቶሎ ይደክማታል፣ ስፖርት አይሆንላትም»። የመጀመሪያው ስለ ተሰጥኦ የተሰጠ መልስ ነው። ሁለተኛው ስለ አካል ብቃት ነው። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ዛሬ ላነሳው የፈለግሁትን ጥያቄ አይመልሱም። የእኔ ጥያቄ ልጅቷ መሮጥ፣ መዝለል፣ መወርወር፣ መቅለብ፣ ሚዛኗን መጠበቅ ተምራለች ወይ የሚል ነው። እችላለሁ ብላስ ታምናለች? ማንም ሳያዛት ትፈልገዋለች? ለምን እንደሚጠቅማትና እንዴት እንደምትለማመድ ታውቃለች? እነዚህ አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ባለሙያዎች ፊዚካል ሊትረሲ ይሉታል። እኔ ዛሬ የእንቅስቃሴ መሠረተ ትምህርት እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሐሳቡን በዘመናዊ መልኩ ያስተዋወቁት እንግሊዛዊቷ ምሁር ማርጋሬት ዋይትሄድ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ሜልቦርን ላይ በተካሄደ የሰውነት ማጎልመሻ ጉባኤ ነው ያቀረቡት። ዋይትሄድን ልጅን ከልጅ ማወዳደር ያሳስባቸዋል። ሰው የሚለካው ትናንት ከነበረበት አንጻር ነው ይላሉ፣ ጉዞውም ዕድሜ ልክ ነው። መምህራን ይህን ስትሰሙ «ታዲያ ውጤት እንዴት ልንሰጥ ነው?» ትሉ ይሆናል። እመለስበታለሁ።

ልዩነቱን በቃል ከመዘርዘር በልጆች ላይ ብናየው ይሻላል። የዘጠኝ ዓመት ልጆች ያሉበት አንድ ክፍል እናስብ፣ ከዚያም ሦስት ልጆች እንምረጥ።

የመጀመሪያው ልጅ የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ ላይ ከክፍሉ አንደኛ ነው። ይህን ፈተና ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሁለት መስመሮች መካከል በድምፅ ምልክት እየተመላለሱ ይሮጣሉ፤ ፍጥነቱ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጀምርና በየደቂቃው ግማሽ ግማሽ ኪሎ ሜትር እየጨመረ ይሄዳል። ልጁ ሌሎቹ ሁሉ ቆመው እሱ ይሮጣል። ልቡና ሳንባው ጥሩ ናቸው ማለት ነው፣ የአካል ብቃት ይሄ ነው። ኳስ ሲወረወርለት ግን ፊቱን ያዞራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ያጣብቃል። መቅለብ አልተማረም። ስለዚህ ከሩጫ ውጭ ያለ ጨዋታ ሁሉ ለእሱ የሌሎች ጨዋታ ነው። ደግሞም የአካል ብቃት ካልተጠበቀ የሚሄድ ነገር ነው፤ መሮጡን ሲያቆም በሳምንታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። መቅለብን በደንብ የተማረ ልጅ ግን ከዓመታት በኋላም ኳስ ቢወረወርለት እጁ ያስታውሰዋል።

ሁለተኛው ልጅ ረጅምና ጠንካራ ነው፣ ሁሌም ያሸንፋል። «ይሄ ልጅ የተለየ ነው» ይሉታል። የተለየ ሊሆን ይችላል፣ ግን ገና አናውቅም። ልጁ የተወለደው በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ወራት ከሆነ ከክፍሉ ታናሽ አንድ ዓመት ሊሞላ የቀረበ ብልጫ አለው፤ በዘጠኝ ዓመት ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ነው። ጉርምስና ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች ሰውነታቸው የደረሰበት ደረጃ በሦስትና በአራት ዓመት ሊራራቅ ይችላል። ተሰጥኦ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ቀድሞ ማደግ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ይህ ልጅ የሚጫወተው ስለሚያሸንፍ ነው። በ15 እና በ16 ዓመቱ ሌሎቹ ሲደርሱበት የመጫወቻ ምክንያቱ አብሮ ያልቃል። «ድሮ ጎበዝ ተጫዋች ነበርኩ» የሚሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሰውነታቸውን ያላንቀሳቀሱ ጎልማሶች በዚህ አዳራሽም አይጠፉም።

ሦስተኛዋ ልጅ ናት የዛሬው ዋና ጉዳዬ። በሩጫ መካከለኛ ናት፣ በውድድር የኋለኞቹ ተርታ ነች። መምህሯ ስለ እሷ ምንም የሚያማርር ነገር የለውም፣ ምክንያቱም አትረብሽም። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ እሷን ብቻ ብትከታተሉ ግን የምታዩት ይሄ ነው። ሰልፉ ውስጥ ሦስተኛ ነበረች፣ ተራዋ ሊደርስ ሲል የጫማዋ ክር ተፈታ። ስታስር ሌሎች አለፏት። ተመልሳ ከኋላ ተሰለፈች። ትንሽ ቆይታ ለጓደኛዋ ቦታዋን ለቀቀች። ቡድን ሲመሠረት ነጥብ መዝጋቢ ለመሆን ቀድማ እጇን አወጣች። ጨዋታ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ኳሱ ወዳለበት እየሮጠች የምትመስል፣ ግን ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ ዘግይታ የምትደርስ ናት። ይህ ሁሉ ስንፍና አይደለም። እንዲያውም ብዙ ሥራ ያለበት፣ በጥንቃቄ የተሰላ መደበቅ ነው። መምህር ከሆናችሁ ነገ ከክፍላችሁ አንዷን መርጣችሁ አሥር ደቂቃ ብቻ ተከታተሉ፤ ስንት ጊዜ ኳስ እንደነካች ቁጠሩ።

ለምን ትደበቃለች? አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ወስደን እንየው፤ ከትከሻ በላይ መወርወር። የመረጥኩት ስፋት ስላለው ነው። የእጅ ኳስም፣ የቮሊቦል ሰርቭም፣ የቴኒስ ምትም፣ የጦር ውርወራም የዚህ ዘመዶች ናቸው። እሱን ያላወቀ ልጅ ብዙ በር ይዘጋበታል።

ልጅቷን ግድግዳ ፊት አቁሟትና ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ። ደረቷ ወደ ግድግዳው ዞሯል። እግሮቿ ጎን ለጎን ተተክለው አይንቀሳቀሱም። ክንዷ ከክርኑ ተጣጥፎ ከጆሮዋ አጠገብ ይነሳና ወደ ፊት ይገፋል፤ ኳሱ አጠገቧ ይወድቃል። የሠራው ክንዷ ብቻ ነው። ይህ የሁለትና የሦስት ዓመት ሕፃን አወራወር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደረጃ ላይ ወገብና ትከሻ እንደ አንድ ግንድ አብረው ይዞራሉ። ከዚያ እግር ይጨመራል፣ ግን የሚራመደው በሚወረውረው እጅ በኩል ያለው እግር ነው፤ በቀኝ የሚወረውር ልጅ ቀኝ እግሩን ያስቀድማል። የበሰለው አወራወር በተቃራኒው ነው። ልጁ ጎኑን ለዒላማው ይሰጣል፣ እጁ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይዞራል፣ በተቃራኒው እግሩ ይራመዳል፣ መጀመሪያ ዳሌ ከዚያ ትከሻ ይከተላል፣ ክንዱ በመጨረሻ ይመጣና ኳሱ ከተለቀቀም በኋላ ሰውነቱን አቋርጦ ወደ ሌላው ጎን ያልፋል። ጉልበቱ የሚመጣው ከመሬት ተነስቶ በሰውነት ውስጥ እየተላለፈ ነው። ክንዷ ደካማ የሚመስላት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ክንዷ ደካማ አይደለም፤ እግሯና ወገቧ ሥራውን አልጀመሩም።

ይህ ደረጃ በዕድሜ ብቻ አይመጣም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መራመድ በራሱ ይመጣል፤ ጥሩ መወርወር ግን ካልተማሩትና ካልተለማመዱት አይመጣም። ሕፃን አወራወር ይዘው ያረጁ ሰዎች ሞልተዋል።

አሁን እንዴት እንደምትማር እንይ። መጀመሪያ ኳሱ በአንድ እጇ የሚገባ ትንሽና ለስላሳ ይሁን። ትልቅ ኳስ በሁለት እጅ እንድትገፋ ያደርጋታል፣ ጠንካራ ኳስ ያስፈራታል። ኳስ ከሌለ ተጠቅልሎ የታሰረ ካልሲ ይሠራል። ሁለተኛ ከግድግዳው አምስት ስድስት ሜትር ትራቅ። ሦስተኛ መሬቱ ላይ ሁለት ምልክት አድርጉ፤ አንዱ ጎኗን ለግድግዳው ሰጥታ የምትቆምበት፣ ሌላው በተቃራኒው እግሯ የምትረግጠው። ብዙ ቃል አያስፈልግም። «ጎንሽን ስጪ፣ እርገጪ፣ ወርውሪ» በቂ ነው።

አራተኛው ብዙ መምህር የሚሳሳትበት ነው። «ዒላማውን ምቺ» አትበሏት። ዒላማ ስትሰጧት ልጅቷ እንዳትስት ብላ ሰውነቷን ታስራለች፣ እግሯን ትተክላለች፣ ወደ ክንድ ብቻ ትመለሳለች። «በሙሉ ኃይልሽ ወርውሪ፣ ግድግዳው ይጩህ» በሏት። በኃይል መወርወር ስትፈልግ ሰውነቷ ራሱ እግርና ወገብ ይጠራል። ማነጣጠር ቅርጹ ከያዘ በኋላ የሚመጣ ነው። ልምምዱ እንደሠራ በምን እናውቃለን? ኳሱ የት እንዳረፈ አትዩ፣ እግሯን ብቻ እዩ። ምልክቱ ተጠርጎ ከጠፋ በኋላም በተቃራኒው እግሯ ከረገጠች ተምራዋለች። ምልክቱ ሲጠፋ እግሯም ከጠፋ ገና ናት።

ይህ ምን ያህል ድግግሞሽ ይፈልጋል? ትክክለኛ ቁጥር ልሰጣችሁ አልችልም፣ ከልጅ ልጅ ይለያያል። ነገር ግን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። 30 ልጆች፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ሰልፍ። አንዱ ወርውሮ ኳሱ ተለቅሞ ለቀጣዩ እስኪደርስ 20 ሴኮንድ ይፈጃል እንበል። አንድ ዙር አሥር ደቂቃ ነው። በ30 ደቂቃ እያንዳንዱ ልጅ ሦስት ጊዜ ይወረውራል፣ ያቺ ጫማ የምታስር ልጅ ምናልባት አንዴ። አሁን ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ለየጥንዱ አንድ የካልሲ ኳስ ስጡ። በዚያው 20 ሴኮንድና በዚያው 30 ደቂቃ እያንዳንዱ 45 ጊዜ ይወረውራል። መምህሩም ጊዜውም አልተለወጠም፤ የተጨመረው 14 ጥንድ ካልሲ ነው። በዚያ ላይ የሚያይ ሰልፍ ስለሌለ የምትደበቅበት ምክንያትም ይቀንሳል።

እግረ መንገዴን ስለ «የተመታ ይውጣ» ጨዋታዎች አንድ ነገር ልበል። አልወዳቸውም። መጀመሪያ የሚወጣው ልጅ ልምምድ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ተቀምጦ ጎበዞቹ ሲለማመዱ ያያል። የወጣ ሁሉ ወደ ጎን ሄዶ አሥር ጊዜ ግድግዳ ላይ ወርውሮ ይመለስ ብትሉ ጨዋታው አይበላሽም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። መወርወሩ ብቻውን መሠረተ ትምህርት አይደለም፣ ከአራቱ አንዱ ነው። ትንንሽ ልጆች፣ በተለይ ከሰባት ዓመት በታች ያሉት፣ ችሎታቸውን ከእውነቱ በላይ ይገምታሉ። የአምስት ዓመት ልጅ ከክፍሉ ማን ፈጣን ነው ብትሉት «እኔ!» ይላል፣ ሁሉም እንዲያ ይላሉ። ይህ ጉራ በረከት ነው፤ ባይሆንለትም ደጋግሞ እንዲሞክር ያደርገዋል። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት አካባቢ ልጁ ራሱን ከጓደኞቹ ጋር በትክክል ማወዳደር ይጀምራል። እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የሚችል ልጅ እንደሚችል ያያል፣ ይጫወታል፣ ይበልጥ ይችላል። የማይችል ልጅ እንደማይችል ያያል፣ ይርቃል፣ በመራቁም ይበልጥ ወደ ኋላ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካዊው ዴቪድ ስቶደንና ባልደረቦቹ ይህን ሽክርክሪት በጽሑፍ አሳይተዋል፤ የሰውነት ክብደትንም የዚሁ አካል አድርገው አስገብተውታል። እንግዲህ የዘጠኝ ዓመቷን ልጃችንን «በርቺ፣ ትችያለሽ» ብቻ ብንላት ከዓይኗ ጋር እናጣላታለን፤ እንደማትችል አይታለች። የሚያስፈልጋት ልታየው የምትችለው ለውጥ ነው። «ባለፈው ሳምንት እግርሽ አይነሳም ነበር፣ ዛሬ ራስሽ ረገጥሽ» ሲባል ማስረጃው እሷው ጋ አለ።

ወላጆች፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቃል እዚህ ላይ ከመምህሩ ቃል ይከብዳል። «እኔም በልጅነቴ ስፖርት አይሆንልኝም ነበር፣ በእኔ ወጥታ ነው» የሚል ቀልድ አለ። ልጅቷ ስትሰማው ጉዳዩ በደም የተወሰነ ነው ማለት ነው፤ በደም ለተወሰነ ነገር ደግሞ ማን ይለማመዳል?

አሁን ውጤት አሰጣጥ ላይ እንምጣ። የካናዳ ተመራማሪዎች ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች አንድ መለኪያ ሠርተዋል፤ በተሻሻለው እትሙ አጠቃላይ ነጥቡ 100 ነው። አካላዊ ችሎታ 30፣ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ 30፣ ፍላጎትና በራስ መተማመን 30፣ እውቀት 10። እዩት እንግዲህ፤ የምልልስ ሩጫና ፕላንክ፣ ማለትም በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ በአካላዊ ችሎታው ውስጥ ናቸው፣ አብረዋቸውም የመዝለል፣ የመቅለብ፣ የመወርወርና የመምታት መሰናክል አለ። የአካል ብቃት አልተጣለም፣ በልኩ ተቀመጠ እንጂ። ተሰጥኦ ግን የትም ቦታ ነጥብ የለውም። የመጀመሪያው ልጃችን፣ ያ ሯጩ፣ እዚህ ላይ በአንዱ ክፍል ይደምቅና በሌላው ይጎድላል፤ የት እንደጎደለም ይታያል። ችግሩ ያለው ፍላጎትና መተማመን ላይ ነው። የሚለካው በመጠይቅ ስለሆነ ልጆች መምህሩ ሊሰማው የሚወደውን መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። ለዚህ ነው ሰልፉን በዓይን መከታተል የሚሻለው ያልኩት።

አካል ጉዳት ያለበት ልጅስ? በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ አይራመድም፣ ስለዚህ «በተቃራኒ እግር ረገጠ» የሚለው መመዘኛ ለእሱ ትርጉም የለውም። ወገቡን ማዞር ከቻለ መዞሩን፣ ወንበሩን ወደ ጎን ማቆሙን፣ ክንዱ ሰውነቱን አቋርጦ ማለፉን እናያለን። ያ ለእሱ ሙሉ መወርወር ነው፣ የሌላ ሰው ግማሽ አይደለም። የአካል ብቃት ሠንጠረዥ ይህን ልጅ የት እንደሚያስቀምጠው ይቸግረዋል፤ በራሱ የትናንት ቦታ ሲለካ ግን አይቸግርም።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር።

አንድ አባት «ልጄ በእግር ኳስ እውነትም ጎበዝ ነው፣ ሌላው ነገር ጊዜ ማባከን አይሆንበትም?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ዕድሜው አሥር ነው። የመለስኩላቸው ይህን ነው፦ ጋሼ፣ እግር ኳሱን አያስቁሙት፣ ይወደዋልና። ነገር ግን እጁ ምን ይችላል? መወርወር፣ መቅለብ፣ መዋኘት፣ መውደቅና መነሳት ይችላል? ዓመቱን ሙሉ አንድ ስፖርት ብቻ የሚሠራ ልጅ ያንኑ ጅማትና መገጣጠሚያ ደጋግሞ ስለሚያደክም የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል፣ መሰልቸትም አለ። ጎበዝ ሆኖ ከቀጠለ ሌላው ችሎታ አይጎዳውም። ካልቀጠለ ደግሞ፣ አብዛኞቹም አይቀጥሉም፣ በ20 ዓመቱ የሚጫወተው ሌላ ነገር ይኖረዋል።

አንዲት መምህርት ደግሞ «በሪፖርት ካርዱ ላይ ለወላጅ ምን ልጻፍ? ‹ጥሩ› እና ‹መካከለኛ› ምንም አይናገሩም» አሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ግን የታየ ነገር ይሁን። ለሦስተኛዋ ልጅ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ስትወረውር ጎኗን ትሰጣለች፣ በተቃራኒ እግሯም ትረግጣለች፤ በጥንድ ልምምድ ትሳተፋለች፣ በቡድን ጨዋታ ግን ገና ኳስ አትጠይቅም። ቤት ውስጥ መቅለብ ቢያለማምዷት ይረዳታል፤ ከሁለት ሜትር ርቀት፣ በለስላሳ ኳስ፣ ከታች ወደ ላይ እየተወረወረላት።» መምህርቷ «ለ60 ተማሪ እንዲህ መጻፍ አይቻልም» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ በአንድ ጊዜ አይቻልም። በየክፍለ ጊዜው አምስት ልጆች ብቻ መርጠው ቢከታተሉና በዚያው ቀን ቢጽፉ በ12 ክፍለ ጊዜ ሁሉንም ያዳርሳሉ፤ ከሚደበቁት ቢጀምሩ ይሻላል።